ከጥያቄው ጎን ያለችው ቁጥር

ጊዜው ከገና በኋላ ነው። ለንደን የምትኖር የጎረቤታችን ልጅ ዘንድሮ ጂሲኤስኢ የተባለውን የእንግሊዝ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና ትፈተናለች። ትምህርት ቤቷ ሞክ የሚባለውን የልምምድ ፈተና አርሞ መልሶላት ነበር። እናቷ ከባዮሎጂው ወረቀት አንዱን ገጽ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። ከፎቶው ሥር የድምፅ መልእክት አለ። «ወንድሜ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ። ሁለቱንም መልስ በትክክል ጽፋ ዜሮ ሰጥተዋታል። እንዲህ ይደረጋል?»

አገር ቤት ሳለሁ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። እዚህም ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈራችንን ልጆች አግዛለሁ። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። እውነትም ሁለት ትክክለኛ መልሶች ተጽፈዋል። አጠገባቸው በቀይ ዜሮ አለ። ዝቅ ብሎ ያለው ክፍል ላይ ደግሞ እንደ እኔ እንደ እኔ ደህና የሚባል መልስ አለ፤ የተሰጠው ግን አንድ ብቻ ነው። አንድ ከስንት? አይታይም። ፎቶው የገጹን ቀኝ ጠርዝ ቆርጦታል።

«ገጹን በሙሉ፣ እስከ ጠርዙ ድረስ አንሺልኝ» አልኳት። ሁለተኛው ፎቶ መጥቶ በቀኝ ጠርዙ ላይ የየክፍሉ ማርክ ቁጥር ሲታይ ነገሩ ሁሉ ተገለጠ። ዜሮው ተገቢ ነበር። አንዷም ተገቢ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ይህ ጉዳይ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም ልጅቷ ባዮሎጂውን ታውቀዋለች።

ጥያቄው ይህ ነው

አሳጥሬ በራሴ ቃል ልንገራችሁ። ጥያቄው ስለ አሚሌዝ ነው። በምራቃችን ውስጥ የሚገኘው፣ ስታርችን የሚሰባብረው ኢንዛይም ማለት ነው። አንድ ተማሪ አሚሌዝና ስታርች በተለያየ ሙቀት ይቀላቅላል። ከዚያ ስታርቹ እስኪያልቅ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይለካል። ስታርች መኖር አለመኖሩን የሚያየው በአዮዲን ነው። ስታርች ካለ አዮዲኑ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፤ ከሌለ ብርቱካናማ ቡናማ እንደሆነ ይቀራል። ውጤቱ በሠንጠረዥ ቀርቧል። በ10 ዲግሪ 12 ደቂቃ፣ በ20 ዲግሪ 7፣ በ30 ዲግሪ 4፣ በ40 ዲግሪ 2፣ በ50 ዲግሪ 5 ደቂቃ ፈጅቷል። በ60 ዲግሪ ግን ከ20 ደቂቃ በኋላም ስታርቹ እዚያው ነው።

ጥያቄው አምስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው አሚሌዝ ስታርችን ሲሰባብር ምን እንደሚገኝ ይጠይቃል፤ ጎኑ [1] አለ። ሁለተኛው ተማሪው ሳይለወጡ ማቆየት ያለበትን ሁለት ነገሮች ስጥ ይላል፤ [2]። ሦስተኛው ሙቀቱ ሲለወጥ ጊዜው እንዴት እንደሚለወጥ ግለጽ ይላል፤ [2]። አራተኛው በ60 ዲግሪ ስታርቹ ለምን እንዳልጠፋ አብራራ ይላል፤ [3]። የመጨረሻው ደግሞ ፒኤች አሚሌዝ ላይ ያለውን ተጽዕኖ የሚያጠና ሙከራ ንደፍ ይላል፤ [6]። ድምሩ 14 ነው።

ልጅቷ ከ14 ያገኘችው 5 ነው። ግን የጻፈችበትን ቦታ ተመልከቱ። ለአንድ ማርኳ ጥያቄ «ማልቶስ» ብላ መጨረስ ስትችል ስለ ምግብ መፈጨት ጀምራ መስመሩን ሞልታ ዳር ዳሩን ጽፋለች። ለስድስት ማርኩ ጥያቄ ደግሞ ሦስት መስመር ብቻ ጽፋ፣ የቀረውን ባዶ ትታዋለች። ብዙ የጻፈችው የማትፈለግበት ቦታ ላይ ነው፤ ስትፈለግ ደግሞ የለችም።

«የማውቀውን ያህል»

ቅዳሜ ልጅቷ ስትመጣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። አንድ ነገር ጠየቅኳት። «ለእያንዳንዱ ክፍል ስንት እንደምትጽፊ በምን ታውቂያለሽ?»

ትንሽ አሰበች። «የማውቀውን ያህል ነዋ፣ ጋሼ» አለችኝ።

እኔን ያስቆመኝ ይህ መልስ ነው። ስታስቡት ምክንያታዊ ነው። ፈተና የምታውቀውን ማሳያ ነው ተብሎ ነው ያደገችው። ስለዚህ ስለ አንዱ ክፍል ብዙ ካወቀች ብዙ ትጽፋለች፣ ጥቂት ካወቀች ጥቂት። ስለ ምግብ መፈጨት ብዙ ታውቃለች፤ ብዙ ጻፈች። ሙከራ መንደፍ ያን ያህል አልለመደችም፤ ጥቂት ጻፈች። የመልሷን ርዝመት የወሰነው ጥያቄው ሳይሆን የራሷ እውቀት ነው።

እናቷም ከዚህ የተለየ ነገር አልነገረቻትም። አገር ቤት የተማርን ብዙዎቻችን ወረቀት መሙላት እንደ ትጋት ሲታይ ነው ያደግነው። ባዶ መስመር ስንፍና ይመስለናል። እናቷ «ይህን ሁሉ ጽፋ» ስትል ለልጇ መቆርቆሯ ነው።

አራሚው ግን ሌላ ነገር ነው የሚያየው። እጁ ላይ የማረሚያ መመሪያ አለ። [3] የሚል ጥያቄ ሲያርም መመሪያው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የተለያዩ ሐሳቦች ተዘርዝረዋል። እያንዳንዱን ሐሳብ መልሱ ውስጥ ይፈልጋል፤ ሲያገኝ ምልክት ያደርጋል። ሦስቱን ካገኘ ጨርሷል። አራተኛ ትክክለኛ ሐሳብ ብትጨምርለት የሚሰጣት ነገር የለውም። ስለዚህ በቅንፍ ያለችው ቁጥር የጥያቄው አካል ናት። «ከአንቺ የምጠብቀው ይህን ያህል የተለያየ ሐሳብ ነው» የምትል ናት። የት ድረስ መሄድ እንዳለባት ትነግራታለች፤ የት ማቆም እንዳለባትም ትነግራታለች።

ይህን ስነግራት ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካቻቸው። እንደ አዲስ ነገር ነበር የምታያቸው።

ሁለት ሲባል ሁለት

አሁን ወደዚያ ዜሮ እንመለስ፤ ቤተሰቡን ያስቆጣው እሱ ነውና። ጥያቄው ሁለት ነገሮች ስጥ ይላል። ልጅቷ አራት ጻፈች። የአሚሌዙ ክምችት፣ የስታርቹ መጠን፣ ሙቀቱ፣ ጊዜው። ሐሳቧ ግልጽ ነው። አራት ከጻፍኩ ከመካከላቸው ሁለቱ ትክክል መሆናቸው አይቀርም። አራሚው ትክክለኞቹን መርጦ ይወስድልኛል።

አራሚው ግን መምረጥ አይፈቀድለትም። ኤኪውኤ የተባለው ፈታኝ ድርጅት በሳይንስ ማረሚያ መመሪያዎቹ መግቢያ ላይ ይህን በግልጽ አስቀምጦታል። ተማሪው ከተጠየቀው በላይ ከዘረዘረ፣ እያንዳንዱ ስህተት አንድ ትክክለኛ መልስ ይሰርዛል። የስህተቶቹ ቁጥር ከማርኩ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ምንም አይሰጥም። ልጅቷ ከጻፈቻቸው አራት ነገሮች የአሚሌዙ ክምችትና የስታርቹ መጠን ትክክል ናቸው። ሙቀቱ ግን ስህተት ነው፤ ተማሪው ሆን ብሎ የሚለውጠው እሱን ነዋ። ጊዜውም ስህተት ነው፤ የሚለካው እሱ ነው። ሁለት ትክክል፣ ሁለት ስህተት፣ ማርኩ ሁለት። ዜሮ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጽፋ እስክሪብቶዋን ብታስቀምጥ ሙሉ ሁለት ማርክ ታገኝ ነበር። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? የጨመረቻቸው ሁለት ቃላት ናቸው የያዘችውን ያስጣሏት።

ይህ ደንብ ጭካኔ የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። ደንቡ ባይኖር ኖሮ የሚለወጠውን፣ የሚለካውንና ሳይለወጥ የሚቆየውን ነገር መለየት የማይችል ልጅ ሁሉንም ዘርዝሮ ከሚለየው ልጅ እኩል ያገኝ ነበር። ጥያቄው የሚፈትነው ያንን መለየት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ትርፍ ጽሑፍ ሁሉ አይጎዳም። ስህተት ያልሆነ፣ ግን ማርክም የማያስገኝ ነገር በመመሪያው ላይ አራሚው አይቶ እንዲያልፈው ይታዘዛል። በመጀመሪያው ክፍል ላይ ልጅቷ ስለ ምግብ መፈጨት የጻፈችው ሁሉ እንደዚያ ታለፈ። ማልቶስ ስላለች አንዷን ማርክ አገኘች። የከፈለችው በጊዜ ነው። ባዮሎጂን ለብቻው የሚፈትነው የኤኪውኤ ወረቀት 100 ማርክ አለው፤ የሚሰጠው ጊዜ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። ማለትም ለአንድ ማርክ አንድ ደቂቃ ብላችሁ ብታስቡ ጥቂት ደቂቃዎች ይተርፏችኋል። ለአንድ ማርክ አራት ደቂቃ ያጠፋ ልጅ ሦስቱን ደቂቃ የሚወስደው ከሌላ ጥያቄ ነው። እሷም የወሰደችው ከስድስት ማርኩ ነው።

ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ሐሳብ

ከሁሉ ይልቅ ያቆየን አራተኛው ክፍል ነው። [3]። በ60 ዲግሪ ስታርቹ ለምን አልጠፋም? ልጅቷ እንዲህ ጽፋለች። «ኢንዛይሙ በሙቀቱ ምክንያት ዲናቸር ሆኗል። ስለዚህ መሥራት አይችልም። መሥራት ስላቆመ ስታርቹ አልጠፋም።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። «ይኸው ለሦስት ማርክ ሦስት ጽፌያለሁ» አለችኝ። የተሰጣት አንድ ነው። በተቆረጠው ፎቶ ላይ ሳየው መልሱ ደህና መስሎ የታየኝም ለዚህ ነበር። አንድ ማርክ ወይም ሁለት ማርክ ላለው ጥያቄ ደህና መልስ ነው። ሦስት መሆኑን ስታውቁ ግን ጉድለቱ ወዲያው ይታያል።

እስክሪብቶ ሰጠኋትና በየዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አዲስ የሆነውን ነገር ብቻ እንድታሰምርበት ጠየቅኳት። የመጀመሪያው ላይ «ዲናቸር» የሚለውን አሰመረች። ሁለተኛው ላይ ቆመች። «መሥራት አይችልም» የሚለው አዲስ ነው? ዲናቸር የሆነ ኢንዛይም አይሠራም፤ ያው ነው። ሦስተኛውስ? ስታርቹ አልጠፋም የሚለውን ጥያቄው ራሱ ነግሯታል። ጥያቄውን ራሱን ነው መልሳ የሰጠችው። ያሰመረችበት አንድ ቃል ብቻ ነው። አራሚውም ያገኘው ያንኑ ነው።

ከዚያ «ዲናቸር ሲሆን ምኑ ነው የሚበላሸው?» አልኳት። «አክቲቭ ሳይቱ» አለች ሳትዘገይ፤ ኢንዛይሙ ሥራውን የሚሠራበትን ቦታ ማለቷ ነው። «ምን ይሆናል?» «ቅርጹ ይለወጣል።» «እና ስታርቹ?» «አይገጥምለትማ!» አለችኝ። በቃ። ሦስቱም ሐሳቦች ከአፏ ወጡ። ኢንዛይሙ ዲናቸር ሆኗል፤ የአክቲቭ ሳይቱ ቅርጽ ተለውጧል፤ ስለዚህ ስታርቹ ከዚያ በኋላ ሊገጥምለት አይችልም። አንድ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ከጻፈችው የሚረዝም እንኳ አይደለም።

ቁጥሩን ከመስመር ወይም ከዓረፍተ ነገር ብዛት ጋር የሚያገናኙ ልጆች የሚወድቁበት ቦታ ይህ ነው። ማብራሪያ ሲጠየቅ [3] ማለት ሦስት እርምጃ ማለት ነው፤ አንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ። ልጅቷ የመጀመሪያውን እርምጃ ሄዳ እዚያው ነው የቆመችው። ቁጥሩን ብታይ ኖሮ ሁለት ጊዜ «እና ከዚያስ?» ብላ ራሷን ትጠይቅ ነበር። ሁለቱንም መልስ ታውቃቸዋለች፤ እኔ ስጠይቃት ነግራኛለች።

ሌላም ወጥመድ አለ። ኢንዛይሙ «ሞቷል» ብለው የሚጽፉ ልጆች አሉ። ኢንዛይም ፕሮቲን እንጂ ሕይወት ያለው ነገር አይደለም፤ አይሞትም። እንዲህ ብሎ የጻፈ ልጅ የመጀመሪያዋን ማርክ ራሷን ያጣታል።

ሦስተኛው ክፍል የዚህ ተቃራኒ ነው። ግለጽ ይላል፤ [2]። ልጅቷ «ሙቀቱ ሲጨምር ጊዜው ያጥራል» ብላ ጀመረች። ከዚያ ምክንያቱን ተያያዘችው። ሞለኪውሎቹ ፈጥነው ይንቀሳቀሳሉ፣ ቶሎ ቶሎ ይጋጫሉ፣ ጉልበታቸው ይጨምራል። ስድስት መስመር። ሁሉም እውነት ነው። ግን ምክንያት የጠየቃት የለም፤ ከሠንጠረዡ የሚታየውን ብቻ ነው የተጠየቀችው። ከሠንጠረዡ የሚታየው ደግሞ ሁለት ነገር ነው። እስከ 40 ዲግሪ ጊዜው ከ12 ወደ 2 ደቂቃ ይወርዳል። ከ40 በኋላ መልሶ ይጨምራል። የመጀመሪያውን ብቻ ስለጻፈች አንድ አገኘች። ቁጥሯ 2 መሆኗን ያየ ልጅ አንዱን ጽፎ ሲያበቃ «ሁለተኛው የት አለ?» ብሎ ወደ ሠንጠረዡ ይመለሳል። ያኔ 50 እና 60 ዲግሪ ላይ ዓይኑ ያርፋል።

ፎቶው የሚቆርጠው ጠርዝ

ብዙዎቻችን አሁን ልጆችን የምናግዘው በስልክ ነው። የእህት ልጅ ከአዲስ አበባ፣ የጓደኛ ልጅ ከዱባይ፣ የአክስት ልጅ ከሊድስ ጥያቄ ፎቶ አንስተው ይልካሉ። ሲያነሱ ዋናው ነገር ጽሑፉ ነው ብለው ስለሚያስቡ ወደ ጽሑፉ ይጠጋሉ። ቁጥሩ ያለው ግን ቀኝ ጠርዝ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። ወይም ወረቀቱ ሲታጠፍ ጥላ ያርፍበትና 1 ይሁን 4 አይለይም።

የተቆረጠ ፎቶ ሲደርሰኝ መልስ አልጀምርም። ሙሉውን ገጽ እጠይቃለሁ። ቁጥሩን ሳያዩ የሚሰጥ መልስ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ልኩ ግን አይታወቅም። ልጁ ደግሞ ያንን መልስ ገልብጦ ያጠናዋል። ሁለት ማርክ ላላት ጥያቄ አንድ ገጽ ማብራሪያ የተላከለት ልጅ ለፈተናው ቀን መጥፎ ልማድ ነው የተማረው።

ቁጥሩ ቢታይም የማን እንደሆነ ማጣራት ያስፈልጋል። ፈታኝ ድርጅቶቹ ቁጥሩን የሚያስቀምጡበት ቦታ ይለያያል። የኤኪውኤና የኤዴክሴል ወረቀቶች ላይ ቁጥሩ የሚመጣው ከጥያቄው ቀጥሎ፣ ከመልስ መስመሮቹ በፊት ነው። በኦሲአርና በካምብሪጅ ወረቀቶች ላይ ግን ከመልስ መስመሮቹ መጨረሻ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ የሁለተኛው ክፍል ቁጥር ከሦስተኛው ክፍል ጥያቄ አናት ላይ ይቀመጣል። በስልክ ስክሪን ላይ ገጹን ወደታች ስትስቡት ቁጥሩ የሦስተኛው ይመስላል። እንዲህ ከሆነ ሁሉም ቁጥር በአንድ ክፍል ይንሸራተታል። ማብራሪያ የሚፈልገው ጥያቄ አንድ ማርክ፣ ስም ብቻ የሚጠይቀው ደግሞ ሦስት ማርክ ሆኖ ሲታያችሁ ጠርጥሩ። የምታዩት ቁጥር የጎረቤቱ ነው ማለት ነው።

ኤኪውኤ ደግሞ የጥያቄውን ተራ ቁጥር በግራ በኩል በትናንሽ ሳጥኖች ነው የሚያትመው፤ 0 4 . 3 የሚመስል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ወላጅ 3ቷን ማርክ ሊያደርጋት ይችላል። ተራ ቁጥር ግራ፣ ማርክ ቀኝ ብላችሁ ያዙት።

የማጣሪያው ቀላል መንገድ ድምሩ ነው። ካምብሪጅና ኤዴክሴል በጥያቄው መጨረሻ ላይ ጠቅላላውን ያትማሉ። የክፍሎቹን ቁጥር ደምሩ። በእኛ ጥያቄ 1፣ 2፣ 2፣ 3 እና 6 ሲደመር 14 ይሆናል። የታተመው 14 ሆኖ እናንተ ያገኛችሁት 11 ከሆነ፣ ሦስት ማርክ ያላት አንዲት ክፍል ገጹን ስትገለብጡ ቀርታለች።

ሙሉውን ገጽ ማግኘት ካልተቻለስ? ያኔ የመልስ መስመሮቹን እቆጥራለሁ። አንድ መስመር ብቻ ካለ አንድ ማርክ ሊሆን ይችላል። ስድስት መስመር ካለ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ። ግምት ነው፤ ለልጁም ግምት መሆኑን እነግረዋለሁ።

ስድስቱ ማርክ

እስካሁን ያልኩት ቁጥሩ የሐሳብ ብዛት ነው። ስድስት ማርኩ ላይ ስንደርስ ይህ አይሠራም፤ ልጅቷም መጀመሪያ የተምታታባት እዚህ ነው። «እንግዲያው ስድስት ሐሳብ ልዘርዝር?» አለችኝ። አይደለም።

እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች በኤኪውኤ መመሪያ ላይ የሚታረሙት በደረጃ ነው። አራሚው መልሱን ሙሉ ለሙሉ ያነብና በየትኛው ደረጃ እንደሚወድቅ ይወስናል። የመጀመሪያው ደረጃ 1 ወይም 2፣ ሁለተኛው 3 ወይም 4፣ ሦስተኛው 5 ወይም 6 ያስገኛል። ለሙከራ ንድፍ ሲሆን የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሌላ ሰው ይህን ጽሑፍ ይዞ ላቦራቶሪ ቢገባ ትክክለኛ ውጤት ያገኛል? የተበታተኑ ስድስት እውነተኛ ነገሮች የዘረዘረ ልጅ ከታችኛው ደረጃ ላይወጣ ይችላል።

የልጅቷ ሦስት መስመር «የተለያየ ፒኤች እጠቀማለሁ፣ ጊዜውን እለካለሁ፣ ሌላውን ሁሉ እኩል አደርጋለሁ፣ እደግመዋለሁ» ይላል። ሁለት አገኘች። አንዱም ስህተት አይደለም። ግን ይህን ይዞ ላቦራቶሪ የገባ ሰው ምን ያደርጋል? በምን ነው ፒኤቹን የሚለውጠው? ስታርቹ ማለቁን በምን ያውቃል? እኩል የሚሆነው የቱ ነው?

አብረን እንደገና ጻፍነው። የተለያየ ፒኤች ያላቸው በፈር የተባሉ ፈሳሾች ይዘጋጃሉ፤ ለምሳሌ ከፒኤች 4 እስከ 8። በሸክላ ሰሌዳ ጉድጓዶች ውስጥ የአዮዲን ጠብታ ይደረጋል። አሚሌዝ፣ በፈርና ስታርች በሁሉም ሙከራ ላይ በእኩል መጠን ይለካሉ። ሙቀቱ እንዳይለወጥ ቱቦዎቹ በ35 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ውስጥ ይቀመጣሉ። ስታርቹና አሚሌዙ ሲቀላቀሉ ሰዓት ይነሳል። በየ30 ሰከንዱ አንድ ጠብታ ተወስዶ አዮዲኑ ላይ ይደረጋል። አዮዲኑ ብርቱካናማ ሆኖ ሲቀር ጊዜው ይጻፋል። ከዚያ በሌሎቹ ፒኤቾች ይደገማል፤ እያንዳንዱም ተደጋግሞ አማካዩ ይወሰዳል።

የጻፈቻቸው ነገሮች ሁሉ እዚህ ውስጥ አሉ። «እኩል አደርጋለሁ» የሚለው የትኛው፣ በምን እንደሆነ ተነገረው። «ጊዜውን እለካለሁ» የሚለው መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚቆም ተነገረው። ቅደም ተከተሉም ልክ ሆነ። ርዝመቱ የመጣው ከዚህ ነው። ስድስት ወይም ሰባት ደቂቃ ይወስዳል፤ ለመጀመሪያው ክፍል ባጠፋቻቸው ደቂቃዎች ላይ ጥቂት ብትጨምር ይበቃት ነበር።

ስድስት ማርክ ያለው ጥያቄ ሁሉ ግን በደረጃ አይታረምም። ስሌት ሊሆን ይችላል። ስሌት ላይ ቁጥሩ የሚናገረው ሌላ ነው። በዚሁ ሠንጠረዥ ላይ ለምሳሌ የ40 ዲግሪውን ፍጥነት 1ን ለፈጀው ጊዜ በማካፈል አስሉ ቢባልና ጎኑ [1] ቢኖር፣ 1ን ለ2 አካፍሎ በደቂቃ 0.5 ማለት ይበቃል። [3] ካለ ግን አንድ ማካፈል ሦስት ማርክ አያስገኝም። የተደበቀ እርምጃ አለ። ጥያቄውን መልሳችሁ ስታነቡ በሰከንድ የሚል ታገኛላችሁ። 2 ደቂቃ 120 ሰከንድ ነው፤ 1 ለ120 ሲካፈል 0.0083 ገደማ ይሆናል። መልሱ በአንድ መስመር አልቆ ማርኩ ሦስት ሲሆን፣ ዩኒቱን እዩ። ቢያንስ የሠራችሁትን እርምጃ በሙሉ ጻፉ፤ የመጨረሻው ቁጥር ቢሳሳት እንኳ አራሚው ለትክክለኛው እርምጃ የሚሰጠው ማርክ ይኖራል።

ልጅቷ ያን ቀን ከመሄዷ በፊት ሌላ አሮጌ ወረቀት ሰጠኋት። መልስ እንዳትጽፍ ነገርኳት። በየክፍሉ ጎን ያለውን ቁጥር አይታ፣ ስንት ሐሳብ እንደሚፈለግና ከመካከላቸው በደረጃ የሚታረመው የቱ እንደሆነ ብቻ በእርሳስ እንድታመለክት ነው። አንዱ ላይ ቆየች። አወዳድር ይላል፤ [4]። «ጋሼ፣ ይሄ አራት ነው ወይስ ሁለት ሁለት?» አለችኝ። ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ነበር የሚወዳደሩት። ስለ አንደኛው ሁለት፣ ስለ ሌላኛው ሁለት ብሎ ለየብቻ መጻፍ ማወዳደር እንዳልሆነ፣ እያንዳንዷ ሐሳብ ሁለቱንም መንካት እንዳለባት ነገርኳት። ቁጥሯን አከበበችና ከጎኗ አራት ትናንሽ መስመሮች አሰመረች፤ በእያንዳንዱ መስመር መሐል «ግን» የምትል ቃል ጻፈችበት።